የስድስት ሴቶች ስልክ

የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ሰዎች «ፈጣኗ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት በከንቱ አይደለም። በሽተኛው ቁጥሩን ተናግሮ ሳይጨርስ ካርዱ መስኮቱ ላይ ቁጭ ይላል። ቁጥሩን የረሳውንም ቢሆን «ባለፈው ወር በጆሮህ የመጣኸው አይደለህ?» ብላ ከአሥራ ሁለት ሺህ ካርድ መሃል መዝዛ ታመጣለታለች። ይህችው ፈጣን የተባለች ሴት ግን ሽንት ቤት ከገባች መውጫዋ አይታወቅም። ሌሎቹ ገብተው፣ ወጥተው፣ ታጥበው፣ መስታወት ፊት ቆመው ሰው አምተው ሲሄዱ እሷ ገና በሯን ዘግታ ጠብ፣ ጠብ ታደርጋለች። ሃያ ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ክፉ ቀን ከሆነ ሃያ አምስት።

«ስልክ ነው የምትነካካው» ይላል ዘበኛው። «እዚያ ውስጥ እጮኛ ቀጥራ ነው» ይላሉ የክፍሉ ኃላፊ እትዬ፣ ግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፃቸው። እሷም ትስቃለች። ምን ታድርግ? ባትስቅ ይጠይቋታላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባት ዓመቷ ላይ ገረዟት። ቆርጠው ብቻ ቢተዋት ደግ ነበር፤ የቀረውን ግራና ቀኝ ገጥመው፣ እግሯን ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት አስረው፣ ሥጋው እስኪያያዝ ድረስ አስተኟት። የተውላት ቀዳዳ የክብሪት እንጨት ጫፍ ቢያስገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽንቷ ይንጠባጠባል እንጂ ወርዶላት አያውቅም። የወር አበባዋን ሌላው ሴት በአራትና በአምስት ቀን ሲገላገለው እሷ አሥር ቀን፣ አሥራ አንድ ቀን ትጎትተዋለች፤ ጠቁሮ፣ ረግቶ፣ መውጫ ሲያጣ ሆድ ዕቃዋን እያመሰው። ጠባሳው ላይ ደግሞ አንዲት ነጥብ አለች፤ የውስጥ ሱሪዋ ስፌት ድንገት ከነካት ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ከወንበሯ ታስነሣታለች። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ጎኗ ጋደል ብላ ነው የምትቀመጠው። እናቷ ገና በልጅነቷ «የሴት ልጅ ነገር እንዲህ ነው፤ ቻይው» ብለዋት ነበር። ቻለችው። አንድ ጊዜ አግብታም ነበር፤ ባልየው ክፉ ሰው አልነበረም፣ እሷም አልነበረችም፤ ግን ሁለቱም የሚሉትን አጥተው ስምንት ወር በዝምታ ተያዩና ተለያዩ።

ሕመሙ ሲብስባት ታዲያ ሐኪም ቤት ለመሄድ አልሰነፈችም። ችግሩ ሐኪም ቤቱ መሥሪያ ቤቷ መሆኑ ነው። ሐኪም የጻፈበት ካርድ ሁሉ ማታ ተሰብስቦ ወደ ካርድ ክፍል ይመለሳል፤ እትዬ ደግሞ ካርድን ወደ መደርደሪያው ከመመለሳቸው በፊት እንደ ጋዜጣ ያነቡታል። ክፋት የለባቸውም፤ ወሬ ግን ይወዳሉ። የማንን ባል ምን እንደያዘው፣ የማን ልጅ ምን እንደዋጠች ምሳ ሰዓት ላይ ይነገራል። ፈጣኗ የራሷ ገላ በዚያ ምሳ ላይ እንዲቀርብ አልፈለገችም።

ስለዚህ አንድ ብልሃት አበጀች። ካርድ የምታወጣው እሷ አይደለችም? ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛ ሐኪም ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው፤ አያውቃትም። በሟች አክስቷ ስም አዲስ ካርድ አወጣች፤ «ኩላሊቴን ያመኛል» አለች፤ ሽንት ሰጠች፤ ኢንፌክሽን ነው ተባለች፤ መድኃኒቷን ወስዳ ተሻላት። ከወራት በኋላ ተመለሰባት። በአንደኛ ክፍል መምህርቷ ስም ሌላ አወጣች። ከዚያ በአከራይዋ፣ ከዚያ በአከራይዋ እህት ስም። በሦስት ዓመት ውስጥ ስድስት ሴት ሆና ታከመች። ብልጥ ነኝ ብላ ነበር። ሞኝ ሰው ብልጥ ነኝ ካለ የሚመልሰው የለም።

ያን ሐሙስ ጠዋት ሥራ የገባችው እየተንቀጠቀጠች ነው። ሌሊቱን ብርድ ብርድ ሲላት አድሯል፤ ቀኝ ጎኗን ከወገቧ በላይ የሆነ ነገር ይጠዘጥዛታል። ሽንቷ ሲንጠባጠብ ያቃጥላል፤ እንዲህ ግን ወደ ላይ ወጥቶባት አያውቅም። ሹራቧን ደርባ መስኮቱ ላይ ተቀመጠች። ተነሣች። ተቀመጠች። እንደገና ተነሥታ ያልተዛነፈ መደርደሪያ አቃናች።

«ምነው፣ ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?» አሉ እትዬ።

«ብርድ ነው፣ እትዬ።»

«ታከሚ ታዲያ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉና፣ መስኮቱ ላይ ወደቆመች ሴትዮ ዞረው ግቢው በሚሰማው ድምፅ «አንቺስ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ ወደ ኋላዋ ያለውን ሰልፍ ገልመጥ አድርጋ «ራሴን» አለች።

በዚያ ሰሞን ካርዶቹ ወደ ኮምፒውተር እየገቡ ነበር። እትዬ በአንድ ጣት፣ ዶሮ እህል እንደምትለቅም፣ ቁልፎቹን ይለቅማሉ። አንድ ሰው አንድ ቁጥር ነው የሚኖረው ተብሏል፤ ኮምፒውተሩም አንድን ስልክ ሁለት ጊዜ አልቀበልም ይላል። ሦስት ሰዓት ገደማ እትዬ ቁልፉን ደጋግመው መቱ።

«ወይ ጉድ! ይሄ ዕቃ ተበላሸ መሰለኝ።» ካርዱን አነሡ። ሌላ ካርድ አነሡ። «አልተበላሸም! ነይ እስቲ እዪልኝ። ይሄ ስልክ የስድስት ሴቶች ነው!»

ፈጣኗ ቁጥሩን አየችው። ስም ስትለዋውጥ፣ ዕድሜ ስትለዋውጥ ኖራ ስልኩን ግን የራሷን ነበር የጻፈችው። ላቦራቶሪው አጠያያቂ ውጤት ካገኘ የሚደውለው በካርዱ ስልክ ነው፤ ደንቡን የምታውቅ ሰው ደንቡን ማፍረስ አልቻለችም። ስሟን ለመደበቅ ስትጨነቅ ስልኩን ማንም የማያየው መሰላት።

«አንድ ቤት የሚኖሩ ይሆናሉ፣ እትዬ።»

«ስድስት ሴት በአንድ ስልክ? ይሄ ቤት ሳይሆን ገዳም ነው በይኛ!» ቁጥሩን በወረቀት ላይ ጻፉና ከመነጽራቸው ሣጥን ሥር አደረጉት። «ከሻይ መልስ እደውልና ጉዳቸውን እሰማለሁ። ካርዶቹ እዚያው ይቀመጡ፤ እንዳይቀላቀሉብኝ።»

እትዬ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ፈጣኗ ስድስቱን ካርዶች ጠቅልላ ከሹራቧ ውስጥ ከተተችና በጓሮ በር ወጣች።

ከጤና ጣቢያው ጀርባ መርፌና የቁስል ጨርቅ የሚቃጠልበት የጡብ ምድጃ አለ። አቃጣዩ ሰውዬ ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል፤ እሳቱ ተያይዟል።

«የሚቃጠል አለሽ?» አላት።

«አሮጌ ወረቀት ነው።»

«ስጪኝ በያ፤ እኔ እጥለዋለሁ።»

«ቆይ፣ ልለየው።»

ጡብ ላይ ተቀመጠች፤ ጠባሳው ነካትና ብድግ አለች። ቆማ ካርዶቹን ዘረጋች። ምን ለማየት እንደፈለገች እሷም አታውቅም፤ የካርድ ሰው ካርድ ሳያነብ አይጥልም እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። የመጀመሪያውን አየች። «ሽንት ሲሸና ማቃጠል፣ የታችኛው ሆድ ሕመም። ከዚህ በፊት፦ የለም።» የሽንት ምርመራ፣ የአምስት ቀን ኪኒን። ሁለተኛውን አየች። «ከዚህ በፊት፦ የለም።» ያው ኪኒን። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ «የለም»፣ «የለም»። አምስተኛው ሐኪም «ብዙ ውሃ ጠጪ» ብሎ ጨምሯል። ስድስተኛውም ያው። አንዱም «አየኋት» አላለም፤ ምን ብሎ ያያታል? የመጣችው ኩላሊት ብላ ነው። ሁሉም ከወገቧ በላይ ዳሰሷት፤ ጨዋ ሰዎች ነበሩ።

ንዴት መጣባት፤ ማን ላይ እንደሆነ ለጊዜው አልለየችም። እሷ በቀን ስንቱን በሽተኛ «ካርድህን ለምን ጣልከው? ሐኪሙ ያለፈውን ካላየ በምን ያውቃል?» ብላ የምትቆጣ ሴት፣ የራሷን በሽታ ስድስት ቦታ ቆራርጣ ለስድስት ሐኪም በትናለች። አንዱ ሐኪም ስድስቱን አንድ ላይ ቢያይ ኖሮ «ይቺ ሴት ለምንድን ነው በየስድስት ወሩ የሚመለስባት?» አይልም ነበር? ይል ነበር። እነሱ ዕውር አልነበሩም፤ እሷ ናት መብራቱን ያጠፋችባቸው። ይህን ስታስብ ደግሞ ለራሷ አዘነች። ማን አስተማራት? ያን ነገር በምን ቃል እንደሚጠሩት እንኳ ቤታቸው ውስጥ አይነገርም ነበር።

«እትዬ ከሻይ ሳይመለሱ ጣይውና ግቢ» አላት አንዱ ልቧ። ጎኗ ጠዘጠዛት፤ ብርዱ እንደገና ከእግሯ ተነሥቶ ጥርሷን አንገጫገጨው። ካርዱን ብታቃጥል ወሬው ይቃጠላል። ትኩሳቱ ግን አይቃጠልም። ሰባተኛ ስም ደግሞ ከየት ታምጣ?

«እህ?» አለ አቃጣዩ።

«የሚያስፈልግ ሆኖ ተገኘ» አለችና ሄደች።

አራት ቁጥር ክፍል ያለችው ሐኪም ሴት ናት፤ ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ፈጣኗ ስም ያልተጻፈበት ባዶ ካርድ ይዛ ተሰለፈች፤ ከፊቷ አምስት ሰው ነበር። ሠራተኛ ናትና በጎን መግባት ትችል ነበር፤ ግን ጊዜ ፈለገች። ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ሽንት ቤት ሄዳ ምንም ሳይወጣት ተመለሰች፣ እንደገና ተቀመጠች። በልቧ የምትጀምርበትን ቃል ትፈልጋለች። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልነግርዎት...» አይሆንም፤ ምን? ይሉኛል። «ዶክተር፣ የሴት ነገር ነው...» እርግዝና ይመስላቸዋል። «ዶክተር፣ አንዲት ጓደኛዬ...» ኧረ በቃ! ሰባተኛዋ ሴት መጣች።

በካርድ ክፍል መስኮት ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣ አንድ ነገር ታውቃለች። በሽተኛ መጀመሪያ የተናገረው ነው ካርዱ ላይ የሚጻፈው። ዋናውን ነገር ግን ብዙዎቹ ሊወጡ ሲሉ፣ የበሩን እጀታ ጨብጠው ነው የሚናገሩት፤ ያኔ ሐኪሙ ቀጣዩን ጠርቷል። ይህን እያወቀች ገብታ ወንበሩ ላይ ጋደል ብላ ተቀመጠችና ምን አለች?

«ኩላሊቴን ያመኛል።»

ዶክተሯ ሙቀቷን ለካች። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስምንት። ጎኗን በእጇ ጠርዝ መታ ስታደርጋት ፈጣኗ «እፍፍ» አለች። «ከዚህ በፊት እንዲህ አሞሽ ያውቃል?» ብላ ጠየቀቻት ዶክተሯ።

ስድስቱ ካርዶች ከሹራቧ ሥር ነበሩ። «አይ» አለች አፏ።

ዶክተሯ መጻፍ ጀመረች። ሽንት ምርመራ ጻፈች። ፈጣኗ ወረቀቱን ተቀብላ ተነሣች፤ በሩ ጋ ደረሰች፤ እጇ እጀታውን ያዘ። እጀታው ቀዝቃዛ ነበር። በእጀታው ላይ ያለውን እጇን አየችና በራሷ በሽቃ ልትስቅ ምንም አልቀራት። የዘጠኝ ዓመት ጥበቧ እዚህ በር ላይ አለቀ?

ተመለሰች። ካርዶቹን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው።

«ዶክተር፣ እነዚህ ስድስት ሴቶች እኔ ነኝ።»

ዶክተሯ ካርዶቹን አየች። እሷን አየች። ብዕሩን አስቀመጠች።

«ዋሽቻለሁ፤ እዚህ ስለምሠራ እንዳይታወቅብኝ ነው። ኩላሊቴን አይደለም፤ ማለቴ ዛሬ ኩላሊቴም ሳይሆን አይቀርም። ግን...» የክፍሉ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ዶክተሯ ጠበቀቻት፤ «ቶሎ በይ» ብትላት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። «ልጅ ሆኜ ተገርዣለሁ፤ ገጥመውኛል። ሽንቴ እየተንጠባጠበ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል፣ የወር አበባዬ አሥር ቀን እየቆየ ያሠቃየኛል፣ ጠባሳው ላይ ደግሞ ሲነካ የማያስቀምጠኝ ቦታ አለ። ይህ ሁሉ ከእሱ የመጣ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ይኸው ነበር። ሃያ አራት ዓመት የተሸከመችው ነገር አንድ ትንፋሽ አልሞላም። ጆሮዋ ግሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ከእሱ ነው» አለች ዶክተሯ። «ደግ አድርገሽ ነገርሽኝ። እኔ ራሴ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር፤ አልጠየቅኩሽም።» ካርዶቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል አሰለፈቻቸው። «ጥያቄዎቼ ያሳፍሩሽ ይሆናል፤ የማትፈልጊውን አትመልሺ። ሽንትሽ ሲጀምር ነው የሚዘገየው ወይስ እየሄደ ይቆራረጣል? ከጨረስሽ በኋላ የቀረ ይመስልሻል? ደሙ ይረጋል? እርግዝና ሊኖር ይችላል? ጠባሳው ላይ የሚዳሰስ እብጠት አለ?»

መለሰችላት። አንዱን መልስ ስትሰጥ ሁለተኛው ቀለላት። «ሽንትሽ ሙሉ በሙሉ አልወጣ ብሎ ከሥር ስለሚቀር ነው ኢንፌክሽኑ የሚመላለሰው» አለች ዶክተሯ። «ኪኒን ያጠፋዋል፤ በሩ ግን እንደተዘጋ ነው፤ ይመለሳል። አሁን ላይሽ እፈልጋለሁ። አዋላጇን ልጥራ፣ ሴት ናት፤ አብራን ትሁን። የምነካውን አስቀድሜ እነግርሻለሁ። በቃ ካልሽኝ እጄን አነሣለሁ፤ ምክንያት አልጠይቅሽም። ዛሬ አልፈልግም ካልሽም ለሌላ ቀን ይቆያል።»

«ዛሬ ይሁን። ነገ ድፍረቴ አይገኝም።»

አዋላጇ መጣች፤ መጋረጃ ተሳበ። አዋላጇ የያዘችው የፈጣኗን እግር አይደለም፣ እጇን ነው። ዶክተሯ በጥጥ ጫፍ ብቻ ዳሰሰቻት፣ «እዚህ? እዚህስ?» እያለች። ያቺ ነጥብ ስትነካ ፈጣኗ «በቃ!» ብላ ጮኸች፤ እጁ ወዲያው ተነሣ። ስትጮህ ሰው እጁን ሲያነሣላት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ያኔ እንባዋ መጣ፤ ስለ ሕመሙ አይደለም።

ስትለብስ ዶክተሯ በወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳቻት። ቆዳው የሽንቱን መውጫ ሸፍኖታል፤ ሽንቱም ደሙም ከቆዳው ኋላ ተጠራቅሞ በጠባቧ ቀዳዳ ይወጣል። ጠባሳው ውስጥ ሽንብራ የምታክል እብጠት አለች፤ ካንሰር አይደለችም፣ ቆዳው ሲገጣጠም የታፈነ ቅባት ነው፤ ካስቸገረች ትወጣለች። የምታስነጥራት ነጥብ የተቆረጠ የነርቭ ጫፍ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚያደነዝዝ ቅባት አለ፣ ካልበቃ በቀዶ ሕክምና የሚያየው ሐኪም አለ። «የተያያዘው ቆዳ ግን መከፈት አለበት። ትልቁ ሆስፒታል ይሠሩታል፤ አደንዝዘው ነው፣ በአብዛኛው በዚያው ቀን ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ከተከፈተ በኋላ ሽንትሽ በኃይል ይወርዳል፣ ድምፅ ይኖረዋል። ደምሽም ብዙ መስሎ ይታይሻል። የተበላሸ ነገር መስሎሽ እንዳትደነግጪ፤ የሰው ሁሉ እንዲያ ነው።»

«ድምፅ?» አለች ፈጣኗ፤ እንባዋ እንዳለ ሳቀች።

«ድምፅ። ሁሉም ሕመም በአንድ ቀን ይጠፋል ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ የጠባሳው ሕመም ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ዛሬ የሚያስቸኩለን ኩላሊትሽ ነው። ሽንትሽ መጀመሪያ ለባክቴሪያ ምርመራ ይወሰድና ወዲያው መርፌ ትጀምሪያለሽ። ያንን ኪኒን ደጋግመሽ ስለወሰድሽው ተላምዶት ይሆናል። ነገ መጥተሽ ላይሽ ይገባል፤ ካስመለሰሽ ወይም ከባሰብሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ነይ።»

ይህን እየተነጋገሩ ሳሉ ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። አውጥታ አየችው። «እትዬ» ይላል።

አላነሣችውም። ነዝሮ ነዝሮ ዝም አለ። አሁን ሁሉም ነገር ታውቋል ማለት ነው፤ ስድስቱ ሴቶች የት እንዳሉ፣ ካርዶቹን ማን እንደሰረቀ።

«ካርዶቹን ምን ላድርጋቸው?» አለች ዶክተሯ። «የሚቀጥለው ሐኪም ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ማየት አለበት። በየትኛው ስም ልጻፈው? ካርድሽን ሊያነብ የሚገባው ሕክምናሽን የሚሰጥሽ ሰው ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢያነበውና ቢያወራው ጥፋቱ የእሱ ነው፤ እኔም አልተወውም።»

ፈጣኗ ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰችው። «በራሴ ስም ይጻፉት» አለች።

መርፌዋን ተወግታ ወደ ካርድ ክፍል ስትመለስ የምሳ ሰዓት ደርሷል፤ መስኮቱ ተዘግቷል። እትዬ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ያቺ ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ፊታቸው ናት።

«ደወልኩ» አሉ። «ያንቺ ስም መጣ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ካርዶቹን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» አዲሱን ካርድ ከስድስቱ ጋር አስቀመጠችላቸው። ለመደበቅ አቅሙም አልነበራትም። «ማንበብዎት አይቀርምና ያንብቡት። ለምሳው ግን እንዳያቀርቡኝ።»

እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ፈጣኗ ቆማ ስትጠብቅ ያ ግቢውን የሚሞላው ድምፅ መቼ ይነሣ ይሆን እያለች ነው። እትዬ ገጹን ጨረሱና እንደገና ከላይ ጀመሩት። ከዚያ ተነሥተው በሩን ከውስጥ ቆለፉት።

«ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጅብሽ?» አሉ።

«ሃያ።»

«እኔን ልጆቼን ስወልድ ከፍተውኝ ነበር፤ መልሰው ሰፉኝ። አሥራ አምስት ነው የሚፈጅብኝ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ከሽንት ቤት ስትቀሪ እጮኛ ቀጥራ ነው የምለው ለምን ይመስልሻል? ከአንቺ በኋላ የምገባው እኔ ነኝ። ሰው አንቺን ካየ እኔን አያይም። አፈርኩ፣ ልጄ። ከልቤ ነው የምልሽ፣ አፈርኩ።»

ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአንድ ሽንት ቤት እየተፈራረቁ፣ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ስትቀልድ ኖረዋል። ፈጣኗ ተናደደችባቸው፤ ወዲያውም አሳዘኗት። ወንበር ስባ ጎናቸው ተቀመጠች፤ ሁለቱም ጋደል ብለው።

«ዶክተሯ ወጣች?» አሉ እትዬ።

«ገና ናት። ሁለት ሰው ቀርቷታል።»

«ምን ብለሽ ነው የጀመርሽላት?»

«‹ልጅ ሆኜ ተገርዣለሁ፤ ገጥመውኛል› ነው ያልኳት። ከዚያ የሚያመኝን በተራ ነገርኳት፤ ሽንቱን፣ የወር አበባውን፣ ጠባሳውን።»

«ልጅ ሆኜ...» አሉ እትዬ፤ ቆሙ። «ልጅ ሆኜ ተ...» እንደገና ቆሙ። የሃምሳ አራት ዓመቷ ሴት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውን «ምንሽን ነው?» ስትል የኖረችው፣ የራሷን ለመናገር ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ትታገላለች። ተነሥተው ባዶ ካርድ አወጡና በገዛ እጃቸው ስማቸውን ጻፉበት።

«አብረሽኝ ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ።»

«ከተያዘብኝስ? አንቺ ትጨርሺልኛለሽ?»

«አልጨርስልዎትም፣ እትዬ» አለች ፈጣኗ በሩን እየከፈተች። «እርስዎ እስኪጨርሱ ግን እጠብቃለሁ። መጠበቅ እንደሆን ለምጃለሁ።»